ተመልሶ የመጣ ዕቃ የሚበላው ትርፍ

ልጆች፣

ኦንላይን መሸጥ የጀመሩ ወጣቶች ሒሳባቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ነገር ነው። በ50 ገዛሁ፣ በ100 ሸጥኩ፣ 50 አተረፍኩ ይላሉ። ወር ሲያልቅ ግን ኪሳቸው ውስጥ ያ ገንዘብ የለም።

እስቲ ያንኑ ዕቃ አብረን እናስላው። የመሸጫ መድረኩ 12 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል እንበል። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት 3 በመቶ ይቆርጣል። ማድረሻው በእናንተ ወጪ 10 ነው፣ ማሸጊያው ከነቴፑ 3። ከ50ዋ 28 ሄደ፣ 22 ቀረ። ልብ በሉ፣ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንጂ ከትርፋችሁ ላይ አይደለም።

ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን “ስንቱ ተመለሰ?” እላለሁ።

100 ዕቃ ልካችሁ 10ሩ ተመለሰ እንበል። ለደንበኛው ሙሉ ገንዘቡን መለሳችሁ። መድረኩ ኮሚሽኑን መለሰላችሁ፣ የክፍያው 3 ግን ቀረ (ይህ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ ውላችሁን አንብቡ)። የመሄጃው 10፣ የመመለሻው 10፣ የማሸጊያው 3 ሲጨመር አንድ ተመላሽ 26 በላ። አስሩ 260 ማለት ነው። ከአስሩ አምስቱ ተበላሽተው ድጋሚ የማይሸጡ ከሆነ ደግሞ መግዣቸው 250 አብሮ ሄደ።

ደንበኛ እጅ የቀሩት 90ዎቹ በ22 ሲባዙ 1,980 አመጡ። 510 ሲቀነስ 1,470 ይቀራል። ለ90 ስታካፍሉት እውነተኛው ትርፍ በአንድ ዕቃ 16 ገደማ ነው። የተመላሹን ኪሳራ የሚሸከሙት እነዚህ ያልተመለሱት ናቸው።

አሁን 10 በመቶ ቅናሽ ላድርግ ብትሉስ? ትርፌ በ10 በመቶ ይቀንሳል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በ90 ሲሸጥ ኮሚሽኑና የክፍያው ቆረጣ ትንሽ ይወርዳሉ፣ መግዣው፣ ማድረሻውና ማሸጊያው ግን ንቅንቅ አይሉም። ተመላሹም ያው ከሆነ ትርፉ ወደ 8 ገደማ ይወርዳል። ግማሹ ሄደ ማለት ነው! ያንኑ ትርፍ ለማግኘት ሽያጩ በእጥፍ መጨመር አለበት።

ይህን ሒሳብ የመመለሻው ጊዜ ሳያልቅ አትዝጉ። ዛሬ የተሸጠ ሁሉ ገና የተሸጠ አይደለም። ደግሞ ዕቃውን ሁሉ በአንድ አማካይ አትጠቅልሉ። ለእያንዳንዱ ሞዴልና ልክ ለየብቻው ያዙ፣ የተመለሰበትንም ምክንያት አጠገቡ ጻፉ። “ጠበበኝ” የሚለው ከበዛ የልክ መግለጫውን አስተካክሉ። “ተሰብሮ ደረሰኝ” ካሉ ማሸጊያው ላይ 1 ጨምሩ። ከላይ ባየነው ዕቃ፣ 100 ስትልኩ ይቺ ጭማሪ 100 ታስወጣችኋለች። ተሰብረው ይመጡ ከነበሩት ሁለቱን ብቻ ካዳነች ግን ወጪዋን ሸፍና ታተርፋለች።