ከታፔላ ተቀንሶ የተሠራ ቢዝነስ ካርድ

«አራት ኪሎ አካባቢ ሰዓት የምጠግንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ካርዴ ላይ ስሜ፣ የሥራ ድርሻዬ፣ ሦስት ስልኮች፣ ቴሌግራም፣ አድራሻና የምሠራቸው ሥራዎች ዝርዝር በአማርኛና በእንግሊዝኛ አለ። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ነጭ ነው። ስለተጨናነቀ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አሳነሱልኝ፤ አሁን ጭራሽ አይነበብም።»

ካርድዎን ባላየውም፣ ከሱቅዎ ታፔላ ተቀንሶ የተሠራ ይመስለኛል። ጥቁሩ መደብና የሥራ ዝርዝሩ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ካርዱን የያዘው ሰው ግን ምን እንደሚሠሩ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ፊደሉን ማሳነሱ ደግሞ ጥገና ሳይሆን ተጨማሪ ጉዳት ነበር።

የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። «ሉ» ጎኑ ላይ፣ «ሊ» እግሩ ሥር አጭር ጭረት ሲኖራቸው፣ «ሌ» እግሩ ሥር ትንሽ ቀለበት አለው። ፊደሉ በጣም ሲያንስ ቀለሙ የቀለበቱን ቀዳዳ ይደፍነውና «ሌ» «ሊ»ን ይመስላል። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲጻፍ ደግሞ በዙሪያው ያለው ቀለም ወደ ውስጥ እየሰፋ ቀጭኑን ጭረት ይበላዋል፤ ቀለም የሚመጥ ርካሽ ወረቀት ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ በ7 ነጥብ የፊደል መጠን የሚነበብ ጽሑፍ ለአማርኛ ከ8 ነጥብ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም።

ካርዱ 9 በ5 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ በዙሪያው 5 ሚሊሜትር ባዶ ይተዉና በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ያጽፉ። ስምዎን ከላይ በግራ በኩል በ12 ነጥብ፣ ከሥሩ «የሰዓት ጥገና ባለሙያ» የሚለውን በ8.5 ነጥብ ያስቀምጡ። ከዚያ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይለፍ፤ ስሙን ከአድራሻው የሚለየው ይህ ክፍተት ስለሆነ መስመርም ሥዕልም አያስፈልገውም። ከታች በ9 ነጥብ አንድ ስልክ ብቻ ይግባ፤ ቴሌግራሙ በዚሁ ቁጥር ከሆነ «ስልክና ቴሌግራም» ብሎ አንዴ መጻፍ ይበቃል። አሥሩን አሃዞች አንድ ላይ ከመደርደር አራት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት አድርጎ መክፈል ለዓይን ይቀላል። በመጨረሻው መስመር የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የሱቁ ቁጥር ይጻፉ፤ እንግሊዝኛው ወደ ጀርባው ይዙር።

የስልክ ቁጥሩን ግን በኮምፒውተር ስክሪን አይቶ ማለፍ አይበቃም። ናሙናውን በትክክለኛ መጠኑ ያሳትሙና ከወረቀቱ ላይ እያነበቡ ይደውሉ። አንድ ደንበኛዬ ሳይደውል 500 ካርድ አሳትሞ አንድ አሃዝ ስለተሳሳተ ሁሉንም ጥሎታል። ፊደል ወይም ክፍተት ባስተካከሉ ቁጥር አዲስ ናሙና አሳትመው፣ እንደገና ከወረቀቱ ላይ እያነበቡ ይደውሉ፤ ኅትመቱን የሚፈቅዱት የራስዎ ስልክ ከጠራ በኋላ ነው።