ታጉ ተደበቀ እንጂ አካውንትሽ አልታገደም

ጥያቄ፦ «ለገጣፎ ሆኜ ኢንስታግራም ላይ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ሃሽታግ ብደረድርም ሰርች ላይ አልወጣም። አንዱን ታግ ስነካው ደግሞ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይመጣል። አካውንቴ ታግዶ ነው? እህታችሁን እርዱኝ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «ባን አስነሳልሻለሁ» ለሚልሽ ሰው አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ። እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ። የምሸጠውም ያንኑ ቀሚስ ነው፣ ስለዚህ ነገሩን አውቀዋለሁ።

1. ጽሑፉ የሚወጣው በታጉ ላይ ነው፣ በአንቺ ላይ አይደለም። አንድ ታግ ሥር ሕግ የጣሱ ፖስቶች ሲበዙና ሰው ሪፖርት ሲያደርግ፣ ኢንስታግራም የታጉን ገጽ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይደብቃል። ቃሉ ራሱ ምንም ላይኖርበት ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈልገውን ታግ አይተው ቆሻሻ የሚለጥፉበት አሉ፣ ጦሱ ለሁላችን ይተርፋል።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ከውጤቱ በፊት «እርዳታ ትፈልጋለህ?» የሚል መልእክት የሚያመጣው ነው። ይሄ ራስን ከመጉዳትና ከአመጋገብ ችግር ጋር ለተያያዙ ቃላት ነው። ኢንስታግራም ከመጠን ያለፈ ቅጥነትን የሚያሞካሹ ታጎችን መዝጋት የጀመረው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሰዎች ፊደል እየቀየሩ ሲያመልጡት፣ እሱም እየተከተለ ሌሎቹን ይዘጋል።

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። «ዲጂታል ማርኬቲንግ» ነኝ የሚል ልጅ ገጼን ላሳድግልሽ ብሎ ብር ተቀበለኝ። ያኔ እስከ 30 ታግ ይፈቀድ ስለነበር፣ ከየትም የገለበጠውን 30 ታግ በየፎቶው ሥር ለጠፈው። ቀሚሱ ወገብ ላይ ጠበብ ያለ ስለሆነ የቅጥነት ታግ ሁሉ ጨምሮበታል! ውጭ ያለች ደንበኛዬ አንዱን ስትነካ የእርዳታ መልእክት መጣባት። ገጹ የሌባ መስሏት ያዘዘችውን ሰረዘች። ልጁን ስጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሻዶውባን ሆነሻል፣ ኢንስታግራም ሳይነግርሽ ደብቆሻል፣ ለማስነሳት ተጨማሪ ክፈይ።» አልከፈልኩም። ፕሮፋይሌ ላይ ሦስቱን መስመር ነክቼ Account Status የሚለውን ከፈትኩ። ፖስቶችሽ ለማያውቁሽ ሰዎች ሪኮመንድ መደረግ ይችሉ እንደሆነ፣ የተነሳ ፖስት ካለም፣ እዚያ ይነግርሻል። የእኔ ንጹህ ነበር። አንቺም አሁኑኑ እዪው፣ ነጻ ነው። ችግር ካለ ደግሞ እዚያው ይግባኝ ትጠይቂያለሽ።

2. ሃሽታግ ላይ እንቅልፍ አትጪ። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ ራሱ ሃሽታግ ተደራሽነትን ብዙም እንደማይጨምር ደጋግሞ ተናግሯል። ታግ ፎሎው ማድረግ እንኳ በ2024 መጨረሻ ቀርቷል። ሰርች የሚያየው በዋናነት ሰው የጻፈውን ቃል ነው። ቃሉን ከዩዘርኔም፣ ከስም፣ ከባዮ፣ ከካፕሽንና ከቦታ ጋር ያመሳክራል። እኔ ስሜ ላይ የነበረው ለብቻው «ኮሌክሽን» የሚል ጌጥ ነበር። ኮሌክሽን ብሎ ቀሚስ የሚፈልግ ማን አለ? አሁን የሀበሻ ቀሚስ | Habesha kemis ነው የሚለው። ስም በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ስለማይቀየር አስበሽ ጻፊ። ካፕሽን ላይም «አዲስ ገብቷል 😍» ብቻ አትበዪ። «የመንዝ ጥበብ፣ ለመልስ የሚሆን፣ ሙሉ ቀሚስ» ብለሽ ደንበኛ በሚጠራው ስም ጻፊው። ቃሎቹን ኮሜንት ውስጥ ደብቂ የሚሉሽን አትስሚ፣ ካፕሽን ላይ ይሁኑ።

ፊደሉን ደግሞ ተጠንቀቂ። #የሀበሻ ቀሚስ ብለሽ ክፍተት ከተውሽ ታግ የሚሆነው «የሀበሻ» ብቻ ነው። #ሀበሻቀሚስ እና #ሐበሻቀሚስ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ታጎች ናቸው። ገጾቻቸውም ለየብቻ ናቸው። ሁለቱንም ከፍተሽ ሰው የሚለጥፍበትን ምረጪ። ውጭ ያሉት ደንበኞች ደግሞ አብዛኞቹ በላቲን ነው የሚጽፉት፣ ስለዚህ #habeshakemis አይቅር። ሦስት አራት ይበቃል።

3. ታግ ከመለጠፍሽ በፊት ሰርች አድርገሽ ክፈቺው። አዳዲስ ፖስት ይታያል ወይስ ተደብቋል የሚል ጽሑፍ አለ? ካለ ተዪው፣ ነገ ሊመለስም ይችላል። ሰርች ላይ ትወጪ እንደሆነ ስታዪ ግን በራስሽ አካውንት አትሞክሪ፣ ኢንስታግራም የምትወጂውን ስለሚያውቅ ያታልልሻል። ፎሎው የማያደርግሽ ጎረቤት ስልክ ተዋሺ። አካውንትሽ ፕራይቬት ከሆነ ደግሞ በታግ በኩል ማንም እንግዳ አያይሽም፣ ይሄን ሳያዩ ስንቱ ነው «ታገድኩ» የሚለው።

ሎኬሽን ላይ ለገጣፎ ብለሽ ጨምሪ እንጂ «አዲስ አበባ» ብቻ አትበዪ። እኔ ኮዬ ፈጬ ማለት ከጀመርኩ በኋላ ከቱሉ ዲምቱ ድረስ ለመለካት ይመጣሉ። ያ ማስጠንቀቂያ ያመጣብሽ ታግ የትኛው እንደሆነ ስክሪንሾት እዚህ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።