ከሥልጠና አዳራሽ ስትመለሱ

በሰሜን ሸዋ ገና ክፍል ለተረከባችሁ ወጣት መምህራን፣

ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ስትጠሩ ሂዱ፤ አበሉም አይጠላም። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ሁሉን በአንዴ ለማስተዋወቅ የአዳራሽ ሥልጠና ይበቃል። አሠልጣኙ ግን የእናንተን ልጆች አያውቃቸውም። መስከረም ላይ አንዱ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ አጠገባችሁ አይኖርም።

ለዚህ መካሪ መምህር አለላችሁ፤ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያው ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ይመደብለታል። ጥሩ መካሪ ክፍላችሁ ገብቶ አንድ ነገር ብቻ ያያል፣ በዚያው ቀንም ያወያያችኋል። ምዘናችሁን የሚሞላው እሱ ራሱ ከሆነ ግን የሚቸግራችሁን ትደብቃላችሁ። ቅጹ ላይ ፊርማ ብቻ እየተጠራቀመ ከሄደ ምክሩ ቆሟል።

እኔ ይበልጥ የማምንበት ጃፓኖች የጀመሩት ሌሰን ስተዲ ነው፤ መምህራን አንዲት ክፍለ ጊዜን አብረው አቅደው፣ ስትሰጥ ተመልክተው አብረው የሚያርሙበት። አራተኛ ክፍልን እንውሰድ። ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል ሲባል ብዙ ልጅ 4 ከ3 ስለሚበልጥ 1/4 ይላል። ሦስት አራት የሂሳብ መምህራን ሆናችሁ ለዚህችው አንዲት ክፍለ ጊዜ አብራችሁ ዕቅድ አውጡ፤ ልጆቹ ሊሰጡ የሚችሉትን መልስም አስቀድማችሁ ጻፉ። አንዷ ታስተምር። ሌሎቻችሁ አስተማሪዋን ትታችሁ እያንዳንዳችሁ ሁለት ልጆችን ብቻ ተከታተሉ፤ የሚጽፉትን፣ የሚሰርዙትን መዝግቡ። አትርዷቸው፣ አታርሟቸው።

መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ሥላ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት ከፈለች እንበል። ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ሣሉ። የአንዲት ልጅ ሁለተኛ ሥዕል ከመጀመሪያው ሰፍቶ ስለወጣ አንድ አራተኛው ከአንድ ሦስተኛው በልጦ ታያት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ “አንድ ሦስተኛ!” ሲል እሷም አብራ አለች፤ ደብተሯ ላይ ግን ተቃራኒውን ጻፈች። ፊት የቆመ ሰው ይህን አያይም፤ ጎኗ የተቀመጠው ያያል።

ከክፍል ስትወጡ ያስተማረችው ቀድማ ትናገር፣ ቀጥሎ ተመልካቾች ያዩትን። “ጎበዝ ነበርሽ” አይጠቅማትም፤ እኛ ሰሜን ሸዋዎች ይሉኝታ እናበዛለን። የልጅቷ ደብተር ግን ማንንም ሳያስቀይም ያነጋግራል። ከዚያ ዕቅዱ ይታረማል፤ ከአሮጌ ደብተር እኩል የተቆረጡ ሁለት ወረቀቶች ለየልጁ ይታደላሉ፣ ልጆቹ ከማጠፋቸው በፊት ግምታቸውን ይጽፋሉ። ለሦስት ማጠፍ ያስቸግራልና መታጠፊያውን ቀድማችሁ በነጥብ አመልክቱ። የታረመውን ዕቅድ ሌላው መምህር በሌላ ሴክሽን ያስተምረዋል።

ጊዜ የለንም ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ ከሆነ የጠዋቱ መምህር የከሰዓቱን ክፍል ማየት ይችላል። በመመሪያው በዓመት የሚጠበቅባችሁ የ60 ሰዓት ሙያ ማሻሻያ አለ፤ ርእሰ መምህሩ ይህን ከዚያ ላይ እንዲቆጥርላችሁ ጠይቁ። ገጠር ያላችሁና አራተኛ ክፍል አንድ ሴክሽን ብቻ የሆነባችሁ ደግሞ የታረመውን ዕቅድ በጉድኝት ማዕከላችሁ በኩል ለጎረቤት ትምህርት ቤት ስጡ፤ ሲያስተምሩበትም ሄዳችሁ ተመልከቱ።