«ቆፍረውብን ጠፉ»፦ ስድብ የሌለበት ቁጣ

ጥያቄ፦ የሰፈራችን መንገድ ለውሃ መስመር ተቆፍሮ እንደ ተከፈተ ቀርቷል። ለጎረቤቶቼ ይህን አስተያየት ጻፍኩ፦ «መንገዳችንን ቆፍረውብን ጠፉ። ኃላፊ ተብዬዎቹ ምን ሠርተው ያውቃሉ? ዝም የሚል ሁሉ የእነሱ ተባባሪ ነው። እውነት አይደለም እንዴ?» አንድም ስድብ አልጻፍኩም፤ ሰዎቹ ግን የጉድጓዱን ነገር ትተው እርስ በርስ ተጣሉ። የትኛውን ቃል ላውጣ?

መልስ፦ አንድ ቃል በማውጣት የሚበርድ ጽሑፍ አይመስለኝም፤ ሙቀቱ ያለው በግሶቹ አረባብና በጥቃቅኖቹ ቅጥያዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ግስ እንነሣ።

«ቆፍረውብን ጠፉ» ሲሉ ማን እንደ ቆፈረ አልተናገሩም። አማርኛ የድርጊቱን ባለቤት በግሱ ላይ ስለሚያመለክት፣ የባለቤቱ ስም ሳይጠራም ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ይቆማል። ባለቤቱ ቀደም ብሎ የተጠራ ከሆነ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ስሙ ፈጽሞ ባልተነሣበት ጽሑፍ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አንባቢ ባዶውን ቦታ በገዛ ጥርጣሬው ይሞላዋል። አንዱ ተቋራጩን፣ ሌላው ወረዳውን፣ ሦስተኛው ደግሞ በፖለቲካ የማይወደውን ወገን ያስባል፤ ከዚያም ሦስቱም የተለያየ ጽሑፍ እንዳነበቡ ሆነው ይከራከራሉ። «የእነሱ ተባባሪ» ያሉትም እንደዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዛሬው ጊዜ ማን እንደ ሆነ ያልተገለጸ «እነሱ» ከግልጽ ስድብ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ በ«ቆፍረውብን» መካከል ያለችው «ብ» ናት። ይህች ፊደል አንዳንዴ መሣሪያን ወይም ቦታን ታመለክታለች፤ «ዶማ ስጠኝ፣ ልቆፍርበት» እንደምንለው ነው። በሰው ላይ ስትውል ግን ብዙውን ጊዜ ጉዳትን ታመለክታለች፤ ተቃራኒዋ «ል» ደግሞ ጥቅምን። «ቤት ሠራልኝ» ያለ ሰው እያመሰገነ ነው፤ «ቤት ሠራብኝ» ያለው ደግሞ ጎረቤቱ ብርሃኑን ወይም መውጫውን ዘግቶበታል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። «ዘነበብን» ስንል ዝናቡን የሚከስ የለም፤ ጉዳታችንን ብቻ እንናገራለን። ባለቤቱ ሰው ሆኖ ግሱም ተሻጋሪ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበት ነገር ያለው ሲሆን ግን፣ «ቆፈሩብን» እንደሚለው፣ ጉዳቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ያህል ይሰማል። እርስዎ ሆን ብለዋል ብለው አልጻፉም፤ «ብ» ግን ብላልዎታለች።

ብዙ ሰዎች ይህን ለማብረድ ወደ ተገብሮ ግስ ይሸሻሉ፤ «መንገዱ ተቆፍሯል፣ ችግርም ተፈጥሯል» ይላሉ። እኔ ይህን መፍትሔ አልወደውም። ቁጣውን ቢያበርድም ተጠያቂውን አብሮ ስለሚሰውር ጽሑፉን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስመስለዋል፤ ሲነበብም ቸልተኝነት እንጂ እርጋታ አይታይበትም። የተሻለው መንገድ ባለቤቱን በስሙ ወይም በሥራው ጠርቶ ግሱን ያለ «ብ» በገቢር መልኩ መተው፣ ጉዳቱን ደግሞ ራሱን በቻለ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ነው። «ጠፉ» የሚለውም ክስ ነው፤ በቦታው «ከዚህ ቀን ወዲህ ሠራተኛ አላየሁም» ቢሉ ያዩትን ብቻ ይመሰክራሉ። «አላየንም» እንዳይሉ ግን እመክራለሁ፤ ትናንት ሠራተኛ ያየ አንድ ጎረቤት ካለ «እኔን ማን ጨመረኝ?» ብሎ መነሣቱ አይቀርም።

«ተብዬ» በአፈጣጠሩ ቀላል ነው፤ «ተባለ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን ሰውየው በስም ብቻ እንጂ በተግባር ኃላፊ አይደለም ማለት ነው። ይህን ያውጡት። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው «ምን ሠርተው ያውቃሉ?» ግን ከባድ ነው። «ሠርቶ ያውቃል» የሚለው አነጋገር የሰውን ያለፈ ታሪክ ሁሉ ስለሚያካትት፣ «ምን» ሲጨመርበት እስከ ዛሬ አንድም ነገር አልሠሩም ወደ ማለት ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ለማፍረስ አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንዱ ተነሥቶ «አምና የመንገድ መብራት ያስገባው ማን ነው?» ሲል ክርክሩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ስለ አንድ ሥራ የተነገረ ወቀሳ ግን መልስ የሚያገኘው ስለዚያው ሥራ ብቻ ነው።

ጠቡን በቀጥታ ያስነሣው ግን ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የከሰሷቸው ሰዎች ጽሑፉን አያነቡትም፤ የሚያነቡት ጎረቤቶችዎ ናቸው። «ዝም የሚል ሁሉ» ሲሉ ደግሞ ዝም ያሉት እነርሱው ስለ ሆኑ፣ ክሱ ከወረዳው ተነሥቶ በአንባቢው ደጃፍ አረፈ። ዝም ያለ ሰው ታሞ፣ ሥራ በዝቶበት ወይም ሌላ ሰው ይጠይቃል ብሎ ሊሆን ይችላል፤ «ሁሉ» ግን ለአንዱም ቦታ አልተወለትም። ይህን ዐረፍተ ነገር ማለዘብ አይቻልም፤ እንዳለ መውጣት አለበት።

የመጨረሻው «እንዴ» ጥያቄ ቢመስልም የሚጠብቀው አዎንታን ነው። «አይደለም እንዴ?» የተባለ አንባቢ ያለው ምርጫ መስማማት ወይም መቃወም ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ነገር ማለት አይችልም። ሐሳብ የሚጋብዝ ጥያቄ እርስዎ የማያውቁትን፣ አንባቢው ግን ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ይጠይቃል።

እነዚህን ይዤ ጽሑፉን እንዲህ ጻፍኩት፦

«ለውሃ መስመር ሥራ የመጣው ተቋራጭ ኅዳር 12 ቀን መንገዳችንን እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ቆፍሯል። ከኅዳር 20 ወዲህ በቦታው ሠራተኛ አላየሁም፤ ጉድጓዱም እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደቀብኝ። ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ወረዳው እንዲያሳውቀን፣ እስከዚያውም ተቋራጩ መሻገሪያ እንዲያደርግልን መጠየቅ አለብን ብዬ አስባለሁ። ከዚህ በፊት ወረዳውን የጠየቀ ካለ ምን መልስ አገኘ? በማመልከቻ ቢሆን ይሻላል ወይስ ሰብሰብ ብለን ብንሄድ?»

ቀኖቹን፣ ወፍጮ ቤቱንና የልጁን መውደቅ ለምሳሌ ያህል ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ በሚያውቁት እውነት ይተኩት፤ እርግጠኛ ያልሆኑበት ቀን ካለም «በኅዳር አጋማሽ» ይበቃል። ከቀኑ ትክክለኛነት ላይ የሚነሣ ክርክር ከ«ምን ሠርተው ያውቃሉ?» ባልተናነሰ ከጉዳዩ ያወጣል።

«ብ» እዚህም በሰው ላይ ሁለት ጊዜ መግባቷን አይተው ይሆናል። «ወደቀብኝ» የእናትን ወይም የአባትን ሐዘን ይናገራል፤ መውደቅ ኢተሻጋሪ ግስ ስለ ሆነ እንደ «ዘነበብን» ማንንም አይከስም፤ ስለዚህ ሆን ብዬ አስገብቼዋለሁ። በ«አለብን» ውስጥ ያለችው ደግሞ ግዴታውን የምትጭነው በጸሐፊውና በጎረቤቶቹ ላይ ነው። ይህም ከበደ የሚሉ ከሆነ «ብንጠይቅ ጥሩ ይመስለኛል» ሊሉት ይችላሉ፤ እኔ ግን «አለብን»ን እመርጣለሁ፣ ጸሐፊው ራሱን ጨምሮ ስለ ተናገረ።