ሦስት ዜሮ የጎደለባት ሌሊት

ጥያቄ፦ «ባንኩ የእኛ ሲስተም ደህና ነው ይላል፤ ክፍያችን ግን ሁሉም ይወድቃል። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ክፍያው ከመውደቁ በፊት ስንት ጊዜ እንደጠበቀ ይዩ። ካዛንቺስ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ሁሉም ልክ በ30 ሚሊሰከንድ ይቋረጥ ነበር። የታመመ ባንክ እንዲህ እኩል አይወድቅም፤ አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው ያልፋል። ማታ የተለወጠውን የማዋቀሪያ ፋይል ስንከፍት፣ የባንኩን መልስ የምንጠብቅበት ጊዜ በሚሊሰከንድ እንዲህ ተጽፎ ተገኘ፦

```
timeout_ms: 30
```

30000 መሆን የነበረበት ነው። ማስተካከሉ ቀላል ሆነ፤ ጣጣው ሌላ ነበር። እኛ መልሱን ሳንጠብቅ ብንዘጋም ባንኩ ጥያቄውን ተቀብሎ ገንዘቡን ቀንሷል። ሆቴል ውስጥ እንግዳው «ተቆርጦብኛል»፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «አልደረሰኝም» ይባባላሉ። ስለዚህ የወደቀውን ክፍያ በአዲስ የግብይት ቁጥር ደግመው አይላኩ፤ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። በመጀመሪያው የግብይት ቁጥር የባንኩን መዝገብ ይጠይቁና አንድ በአንድ ያስታርቁ። እኛን እስኪነጋ ያስቀመጠን ይኸው ማስታረቅ ነው።