ቤቱ እንዳይሸጥ ለባንኩ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ «የምሠራበት ሆቴል ለእድሳት ተዘግቶ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደመወዝ የለኝም። ከባለቤቴ ጋር በባንክ ብድር የገዛነው ቤት አለ። የቀረብን ዕዳ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ወለዱ 16 በመቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው 18,790 ብር፣ የቀረን ጊዜ 12 ዓመት። አሁን ከ9,000 ብር በላይ አንችልም። ባንኩ ክፍያውን ዝቅ የማድረግ ግዴታ አለበት? ደብዳቤውስ ምን ይበል?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ግዴታ የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1764 ተዋዋዮቹ ተስማምተው ካልቀየሩት በቀር፣ ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ስለዚህ «ደመወዜ ቆሟል» ብለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ ዳኛው ክፍያዎን አይቀንስልዎትም። ያለዎት መንገድ ስምምነት ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ያስቡ። ክፍያ ለ90 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ባንኩ ብድርዎን ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመድበዋል፤ ከዚያ በኋላ መደራደር ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ፣ በመያዣ ውሉ ላይ ሥልጣን ከሰጣችሁት (አብዛኛው ውል ላይ አለ)፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤ ማስገባት ብቻውን ይህን ቆጠራ አያቆመውም። የኅዳር ክፍያ ሳያልፍ ይጻፉ፤ መልስ እስኪመጣም የቻላችሁትን 9,000 ብር ከማስገባት አትቦዝኑ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ሰው «ለጊዜው ወለዱን ብቻ ልክፈል» ብሎ ይጽፋል። የእናንተ የወር ወለድ ግን 16,000 ብር ነው። ወለድ ብቻ ብትከፍሉ የሚቀልላችሁ 2,790 ብር ብቻ ነው፤ ለ9,000 ብር አቅም ምንም አይፈይድም። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ ከወለዱም በታች ነው። በዚህ ጊዜ በየወሩ 7,000 ብር ወለድ ሳይከፈል ይቀራል። ይህ በየወሩ ዋናው ዕዳ ላይ ቢደመር፣ ሚያዝያ ሲያልቅ ዕዳው ወደ 1,243,400 ብር ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። ክፍያው እንደድሮው 18,790 ብር ሆኖ ጊዜው ቢራዘም ሁለት ዓመት ገደማ ይጨመራል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከ440,000 ብር በላይ ትከፍላላችሁ። ማብቂያው ቀን ሳይነካ ክፍያው ወደ 19,755 ብር ከፍ ቢል ግን የሚጨምረው በወር 965 ብር ገደማ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቢደመር 133,000 ብር አካባቢ ይሆናል። የባንክ ሠራተኛው «እናራዝምላችኋለን» ሲል ደስ ይላል፣ ግን ሒሳቡን ሳያዩ እሺ አይበሉ። ከግንቦት በኋላ 965 ብሩን ከቻላችሁ ሁለተኛውን ጠይቁ።

ደብዳቤው ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ይጻፍ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የኑሮ ውድነት ታሪክ ውስጥ አይግቡ። ባንኩ ማወቅ የሚፈልገው ገቢው መቼ እንደቆመ፣ መቼ እንደሚመለስና እስከዚያ ስንት እንደምትከፍሉ ነው። ዋናው ክፍል እንዲህ ሊል ይችላል፦

«የቤት ብድር ውል ቁጥራችን ከላይ ተጠቅሷል። አሠሪዬ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ለእድሳት በመዝጋቱ ደመወዜ ተቋርጧል፤ በግንቦት ወደ ሥራ እንደምመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዣለሁ። እስካሁን ያልተከፈለ ወር የለብንም። በነዚህ ስድስት ወራት በየወሩ 9,000 ብር እንድንከፍል፣ ቀሪው ወለድ ዋናው ብድር ላይ እንዲደመር፣ የቅጣት ወለድ እንዳይታሰብ፣ ከግንቦት ጀምሮ የብድሩ ማብቂያ ቀን ሳይለወጥ ክፍያው እንደገና እንዲሰላልን እንጠይቃለን። ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እናመለክታለን።»

«ያልተከፈለ ወር የለብንም» የሚለውን እውነት ከሆነ ብቻ ይጻፉ፤ ባንኩ ስቴትመንቱን ከፍቶ ያየዋል። አባሪ የሚሆኑት የአሠሪዎ ደብዳቤ፣ የባለቤትዎ የደመወዝ ማስረጃና የሁለታችሁ የቅርብ ወራት የባንክ ስቴትመንት ናቸው። የአሠሪው ደብዳቤ የሚመለሱበትን ቀን ካልጠቀሰ እንደገና ያስጽፉ፤ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል ወረቀት ጥያቄዎን ያዳክመዋል። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ላይ ቀንና የገቢ ማህተም አስመትተው ይመለሱ።

ባንኩ ከተስማማ «እሺ ብለናል፣ ክፈሉ» የሚል የቃል ምላሽ አይበቃም። በጽሑፍ የተደረገ ውል በጽሑፍ ነው የሚሻሻለው። የማሻሻያ ውሉ ሲመጣ የቅጣት ወለዱ መነሳቱን፣ ከግንቦት በኋላ ያለውን ወርሃዊ ክፍያና የማብቂያውን ቀን ለይታችሁ አንብቡ። ቤቱ የጋራ ስለሆነ ባለቤትዎም ይፈርሙ። ዋስ ካላችሁም ቀድማችሁ ንገሩት፤ ባንኩ አዲስ ፊርማ ሊጠይቀው ይችላል።