«የሞተች እናቴን ሰደበብኝ»

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሞጣ አካባቢ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ ከጎረቤቴ ጋር በእርሻ ድንበር ተነጋገርን። ሰነፍ ሲለኝ፣ ቀማኛ ሲለኝ ችዬው ነበር። «የቡዳ ልጅ» ሲለኝ ግን ዓይኔ ጨለመ። «ያንተስ አባት የበግ ሌባ አልነበረም?» አልሁት፤ ሰው ገባና ገላገለን። እኔን ሲሰድበኝ ያልተሰማኝ፣ እናቴን ሲነካት ለምን እንዲህ አቃጠለኝ? በእሷ ፋንታ ይቅር ማለትስ እችላለሁ? ሥጋ ወደሙ ለመቀበል እየተዘጋጀሁ ነበር።

መልስ፦ ልጄ፣ ሰነፍ ያለህን ሰው ነገ ጠዋት በሬህን ጠምደህ ውሸታም ታደርገዋለህ። ቀማኛ ላለህም ሽማግሌ ድንበሩን ረግጦ ይፈርዳል። ሁለቱም ስድቦች አንተ በምትሠራው ላይ ናቸውና በሥራህ ይመለሳሉ። «የቡዳ ልጅ» ላለህ ግን የምታሳየው ሥራ የለም፤ የሰደበው የተወለድህበትን ነው። የተሰደበችው መቃብር ውስጥ ናትና ቆማ አትመልስም። ነገሩ ደግሞ ወደ ኋላ ብቻ አይሄድም። ነገ ልጅህን ሊያጩ የሚመጡ ሰዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ያን ቃል ያነሡታል። በአንድ ቃል እናትህን፣ አንተን፣ ልጅህን መታ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በእኛ በጎጃም ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው። አያቶቻችን መሬት የሚያገኙት በትውልድ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል፣ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስም እየጠራ ይቆጥር ነበር። ባላጋራው «ይህች ሴት ከዚያ ቤት አልተወለደችም» ካለና ካስረዳ፣ ሰውየው ስም ብቻ ሳይሆን ማሳም ያጣል። ርስት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀረ፤ ጆሮአችን ግን አሁንም ያን ሙግት ይሰማል። አንተም የተሰደብኸው በድንበር ጠብ መካከል መሆኑን ልብ በል። ጎረቤትህ አስቦበትም ይሁን ሳያስብ «አንተ ከዚህ አገር ሰው አይደለህም» ማለቱ ነው።

ስለዚህ ማቃጠሉ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሳኦል በማዕድ ላይ ልጁን ዮናታንን «የጠማማ ሴት ልጅ» ብሎ በእናቱ ሰደበው፤ ጦርም ወረወረበት (1ኛ ሳሙ. 20፥30-34)። ዮናታን እጅግ ተቆጥቶ ከማዕዱ ተነሣ፣ በዚያም ቀን እንጀራ አልበላም። ተቆጣ፣ ወጣ፣ ግን ያንኑ ቃል አንሥቶ አልወረወረም። (ሳኦል የሰደባት የገዛ ሚስቱን እንደ ነበር ልብ ይሏል፤ ንዴት እንዲህ ያደርጋል።) አንተ ግን ከመነሣትህ በፊት አንድ ሙት ሰድበሃል። የዚያ ሰው ልጅም ዛሬ እንዳንተው እየተቃጠለ ነው።

እንዴት መመለስ ነበረብኝ ብትል፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ያለውን ተመልከት። ጌታን በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስድብ ሰደቡት፦ «ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ»። አንዱ የዘር ስድብ ነው። እርሱ «እኔስ ጋኔን የለብኝም፣ ነገር ግን አባቴን አከብራለሁ» አለ። ስለ ሳምራዊነት አንዲት ቃል አልመለሰም። «አይደለሁም» ቢል ኖሮ ሳምራዊ መሆንን ነውር ባደረገው ነበር። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ደግሞ የቆሰለውን ሰው ያነሣውን ደግ ሰው ሳምራዊ አድርጎ ነገረን።

አንተም በዚህ መንገድ ለይ። እናትህ ሸክላ ሠርታለች፤ ይህን አትሸሽገው፣ አትከላከልበትም። የሰንበቴው ጠላ ከምን ጋን እንደሚቀዳ የምታውቀው አንተ ነህ። እግዚአብሔር ባስልኤልን ለእጅ ሥራ መንፈሱን ሞላበት (ዘጸ. 31)፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። «ቡዳ» የሚለውን ግን በአጭሩ ሐሰት ነው በል። ክፉ መንፈስ ሰውን እንደሚፈትን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ጋኔን ከጭቃ ጋር አብሮ ይቦካል፣ ከእናት ወደ ልጅ በደም ይወረሳል ብላ ግን አላስተማረችም። እናትህ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ ሜሮን የተቀባች ናት። ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ተናግሯል፤ የሌለ ኃጢአትማ እንዴት ይወረሳል?

አሁን ወደ ቁርባንህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ለጊዜው ቆይ፣ ለንስሐ አባትህም ሁሉንም ንገር። ከዚያ በፊትህ ሁለት መንገድ አለ። አንተ በድለሃልና መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ የሚለው ቃል (ማቴ. 5፥23-24) ላንተ ነው፤ ስለ አባቱ የተናገርኸውን ይዘህ ቀድመህ ሂድ። ተበድለሃልም፤ ስለዚህ ብቻውን ሆኖ ሳለ ጥፋቱን ንገረው፣ ካልሰማህ አንድ ሁለት ሰው ጨምር (ማቴ. 18፥15-16)። እሱ እስኪመጣ አትጠብቅ።

ሽማግሌ ከገባ ግን አንድ ነገር አደራ። የዘር ስድብ ሲታረቅ የሚበላሸው በችኮላ ነው። ሽማግሌው «እውነትም ቢሆን እንዲህ አይባልም፤ በሉ ተሳሳሙ» ይላል። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተበዳዩም ይስማል፣ «እውነትም ቢሆን» የምትለው ቃል ግን እናትህ መቃብር ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። ጎረቤትህ ሊል የሚገባው «ተናድጄ ነው» ሳይሆን «ያልሁት ሐሰት ነው» ነው። አንተም ስለ አባቱ ያልኸውን እንዲሁ መልስ፤ ያየኸው ነገር ካልሆነ ሐሜት ነውና። የተነገረው በሰንበቴው ፊት ከሆነ፣ የሚመለሰውም በዚያው በሰንበቴው ፊት ነው። ጓዳ ውስጥ ብቻ ከታረቃችሁ የሰማው ሕዝብ ስድቡን ይዞ ይቀራል።

በእናትህ ፋንታ ይቅር ማለትን ጠይቀኸኛል። ያንተን ቁስል ይቅር የምትል አንተ ነህ። የእሷን ግን ፈራጇ ያውቀዋል፤ ይቅር የማለት ሥልጣን እንዳልተሰጠህ ሁሉ በእሷ ስም የመበቀልም ሥልጣን አልተሰጠህም። ለእሷ የምታደርገው ጸሎትና ተዝካር ነው፤ ተዝካሯን ስታወጣ ጎረቤትህን ጥራው።

እርቁ ከልብ መሆኑንም የምታውቀው በዚያ ቀን ነው። «ቡዳ» ብሎ የሚያምን ሰው ከዚያ ቤት እህል አይቀምስም፤ ጾም ነኝ ይላል፣ ሆዴን አሞኛል ይላል። መጥቶ ከእንጀራህ ከቆረሰ፣ ልጆቹንም ካንተ ልጆች ጋር አንድ ትሪ ላይ ካስቀመጠ፣ ከሽማግሌው ፊት ከተናገረው የበለጠ መልሶታል። ካልመጣም አንተ የበኩልህን አድርገሃልና ወደ ንስሐ አባትህ ተመለስ፤ መቼ እንደምትቆርብ እሳቸው ይነግሩሃል።